ለሚመጣው ወር ስንት መኪና ይያዝ?

ጅቡቲ ወደብ ላይ ዕቃ ላወረደ የኢትዮጵያ አስመጪ ጣጣው መርከቡ ሲደርስ አያልቅም፤ እንዲያውም ገና ይጀምራል። ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪገባ የሚጭነው ሰው ይፈልጋል። ተሳቢ ያለው አንድ ከባድ መኪና ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ሁለት ስለሚጭን፣ የወሩ ኮንቴይነር ብዛት ከታወቀ ስንት ጊዜ መኪና እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ለሁለት ማካፈል ብቻ ነው። ችግሩ መኪናው የሚያዘው ቁጥሩ ከመታወቁ በፊት መሆኑ ነው። ብዙ መኪና ከተያዘ ለቆመው ይከፈላል። ጥቂት ከተያዘ ደግሞ ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ያድርና የማቆያ ቅጣቱ በየቀኑ፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ ይቆጥራል።

ስለዚህ የስምሪት ኃላፊው በወሩ መጨረሻ አንድ ቁጥር መናገር አለበት። አብዛኛው ሰው ይህን ቁጥር የሚያወጣው በልምድ ነው፤ ልምድም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ያለፉት ወራት መዝገብ ካለ፣ በአንድ የኤክሴል ገጽ የሚሠሩ ሁለት የቆዩ ዘዴዎች አሉ፦ ተንቀሳቃሽ አማካይና ኤክስፖኔንሻል ስሙዚንግ። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል መጠየቅ የተለመደ ነው። እኔ ግን ከዘዴዎቹ ይልቅ ስህተታቸው እንዴት እንደሚለካ ማየቱ የበለጠ ይጠቅማል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም መለኪያው ሲለወጥ አሸናፊውም ይለወጣል።

አንድ የትራንዚት ድርጅት እንውሰድ። ስም የለውም፤ ቁጥሮቹም ሒሳቡን ለማሳየት የተሰደሩ እንጂ ከማንም መዝገብ የተቀዱ አይደሉም። ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ከሐምሌ አንስቶ በየወሩ ወደ ሞጆ ያስገባው ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር እንዲህ ነበር እንበል፦ ሐምሌ 420፣ ነሐሴ 400፣ መስከረም 440፣ ጥቅምት 410፣ ኅዳር 430፣ ታኅሣሥ 420። ከዚያ ጥር ላይ አንድ አዲስ ትልቅ ደንበኛ ይመጣና 520 ይሆናል፤ የካቲት 540፣ መጋቢት 510፣ ሚያዝያ 530፣ ግንቦት 540፣ ሰኔ 520። ስድስት ወር በ420 ዙሪያ፣ ስድስት ወር በ527 ዙሪያ ማለት ነው። መዝገቡ ከተሟላ በኋላ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ በጥር መጨረሻ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ግን 520 የአንድ ወር ግርግር ይሁን የአዲስ ዘመን መጀመሪያ የሚለይበት መንገድ የለውም።

ተንቀሳቃሽ አማካይ የሚሠራው ቀላል ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት ደምሮ ለሦስት ያካፍልና ውጤቱን የሚቀጥለው ወር ግምት ያደርገዋል። የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም አማካይ 420 ነው፤ ይህ የጥቅምት ትንበያ ይሆናል። ጥቅምት 410 ሆኖ ሲመጣ ሐምሌ ይወጣል፣ ጥቅምት ይገባል፤ የኅዳር ትንበያ 417 ገደማ ይሆናል። እንዲህ እያለ አሮጌውን ወር እየጣለ አዲሱን እያነሳ ይሄዳል። የጥር ትንበያው 420 ነበር፤ የመጣው 520 ነው። መቶ ኮንቴይነር ጎደለ፤ ይህ የሃምሳ መኪና ጭነት ነው። ለየካቲት ደግሞ 457 ይላል፤ የመጣው 540 ነው። ሦስት ወር ሙሉ እስኪያልፍ ድረስ የድሮው 420 ከአማካዩ ውስጥ አይወጣም። በሚያዝያ ግን ሦስቱም ወራት አዲሶቹ ስለሆኑ 523 ይላል፤ 530 መጣ። መዘግየቱ ልኩ የታወቀ ነው፤ ሦስት ወር ብለህ ከመረጥክ ሦስት ወር ትከፍላለህ።

የዚህ ዘዴ አንዱ እንግዳ ጠባይ ሦስቱን ወራት እኩል ማየቱ ነው። ያለፈው ወርና የዛሬ ሦስት ወሩ እኩል ድምፅ አላቸው፤ የዛሬ አራት ወሩ ደግሞ ጨርሶ ድምፅ የለውም። ኤክስፖኔንሻል ስሙዚንግ ይህን ያስተካክላል፦ ማንንም ወር አይጥልም፣ ነገር ግን ወሩ በራቀ ቁጥር ድምፁ ይቀንሳል። ሒሳቡ ሲታይ ከአማካዩም ይቀላል። ባለፈው ወር የተነበይከውን ቁጥር ያዝ፤ የመጣው ከዚያ በስንት እንደራቀ እይ፤ ከልዩነቱ የተወሰነ ክፍል ወስደህ በድሮው ትንበያህ ላይ ጨምር ወይም ቀንስ። ያ «የተወሰነ ክፍል» አልፋ ይባላል፤ በ0 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር ነው። አልፋ 0.3 ከሆነና ለነሐሴ 420 ብለህ 400 ከመጣ፣ ልዩነቱ 20 ነው፤ የ20 ሦስት ዐሥረኛ 6 ስለሆነ የመስከረም ትንበያህ 414 ይሆናል። ለማስላት መያዝ ያለበት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የድሮው መዝገብ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተጨምቆ አለ።

ይህ ቁጠባ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ዘዴውን ካስፋፉት አንዱ አሜሪካዊው ሮበርት ብራውን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ይሠራ ነበር፤ የተጠቀመበትም የጠላት ሰርጓጅ መርከብ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ በሚከታተል መካኒካል መሣሪያ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ረጅም መዝገብ የሚይዝበት ቦታ የለውም። በ1950ዎቹ ብራውን ያንኑ ሒሳብ ወደ መለዋወጫ ዕቃ መጋዘን አመጣው፤ በ1959 ስለዚሁ መጽሐፍ አወጣ። (እነዚህ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዐሥር ዓመት ቻርልስ ሆልት ቀስ እያለ የሚያድግን ቁጥር የሚከተል ዓይነት፣ ተማሪው ፒተር ዊንተርስ ደግሞ በ1960 ወቅትን የሚያውቅ ዓይነት ጨመሩበት። ወደ ወቅቱ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

አልፋን መምረጥ ማለት ያለፈውን ወር ምን ያህል እንደምታምን መወሰን ነው። 0.3 ከሆነ ለመጨረሻው ወር 30 በመቶ፣ ከዚያ በፊት ላለው 21 በመቶ፣ ከዚያ በፊት ላለው 15 በመቶ ገደማ ድምፅ ሰጥተሃል፤ እየሳሳ ይቀጥላል። 0.6 ካልክ ለመጨረሻው ወር ብቻ 60 በመቶ ሰጠህ። ከተንቀሳቃሽ አማካይ ጋር ለማነጻጸር የሚረዳ አንድ የታወቀ ስሌት አለ፦ ሁለትን ለወራቱ ብዛት ሲደመር አንድ ማካፈል። የሦስት ወር አማካይ ከአልፋ 0.5 ጋር ይቀራረባል ማለት ነው፤ 0.3 ደግሞ ወደ ስድስት ወር አማካይ ይጠጋል።

በምሳሌያችን ሁለቱን አልፋዎች እንሞክር። በ0.3 የተሠራው ለጥር 421 አለ፤ ለየካቲት 451፣ ለመጋቢት 478፣ ለሚያዝያ 487፣ ለግንቦት 500፣ ለሰኔ 512። ስድስት ወር ሙሉ ደረጃ ሲወጣ ከረመ፤ ሰኔም ላይ ገና አልደረሰም። በ0.6 የተሠራው ለየካቲት 481፣ ለመጋቢት 516 አለ፤ ከዚያ በኋላ ከእውነቱ ጋር ተቀራርቦ ሄደ።

ኤክሴል ላይ መሞከር ለሚፈልግ፣ ወራቱ በA፣ የመጣው ቁጥር ከB2 ጀምሮ በB፣ የስሙዚንጉ ትንበያ በC፣ የአማካዩ ትንበያ በD፣ ስህተቱ በE፣ አልፋ ደግሞ በF1 ይሁን፦

```
C3:  =B2
C4:  =C3+$F$1*(B3-C3)
D5:  =AVERAGE(B2:B4)
E5:  =ABS(B5-C5)
```

C4ን፣ D5ንና E5ን ወደ ታች መጎተት ነው። ኤክሴል ራሱ በData Analysis ሥር Exponential Smoothing የሚል ዝግጁ መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን የሚጠይቀው አልፋን ሳይሆን Damping factor የሚለውን ነው፤ እሱ ደግሞ ከአንድ ላይ አልፋ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። 0.3 ብሎ የጻፈ ሰው ረጋ ያለ ትንበያ እየጠበቀ ሳለ በ0.7 የሚወራጭ ትንበያ ያገኛል፤ ለምን እንደሆነም ሳይገባው ዘዴውን ይወቅሳል።

አሁን ወደ ስህተቱ። ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዲሆን ሦስት ነገር መጠበቅ አለበት። አንደኛ፣ ትንበያው ወሩ ከመምጣቱ በፊት በነበረው መረጃ ብቻ የተሠራ መሆን አለበት። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ግን በተግባር የሚጣሰው እዚህ ላይ ነው። ኤክሴል በግራፍ ላይ Moving Average የሚለውን መስመር ሲስል የራሱን ወር ቁጥር አማካዩ ውስጥ ከትቶ ነው፤ ጥርን «የሚተነብየው» ጥርን ራሱን አይቶ ነው ማለት ነው። መስመሩ ከእውነቱ ጋር አምሮ ሲሄድ ያየ ሰው ይደሰታል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ለሚቀጥለው፣ ገና ላልመጣው ወር ቁጥር የማይሰጥህ ከሆነ ትንበያ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሁሉም ዘዴዎች በተመሳሳይ ወራት ይለኩ። የሦስት ወር አማካይ የመጀመሪያ ትንበያው ጥቅምት ላይ ስለሆነ፣ ሌሎቹም ከጥቅምት እስከ ሰኔ ባሉት ዘጠኝ ወራት ብቻ ይፈተኑ። ሦስተኛ፣ «የሚመጣው ወር እንዳለፈው ይሆናል» የሚለው ምንም ሒሳብ የሌለበት ግምት አብሮ ይሰለፍ። ይህን ስንፍና ማሸነፍ ያልቻለ ዘዴ የሒሳብ ሠራተኛ ጊዜ አይገባውም።

ስህተቱን በሁለት መንገድ እንለካ። አንዱ ምልክቱን ትቶ ልዩነቱን ብቻ ወስዶ አማካዩን ማውጣት ነው፤ «ተራ ስህተት» እንበለው። ሌላው እያንዳንዱን ልዩነት በራሱ አባዝቶ፣ አማካዩን አውጥቶ፣ በመጨረሻ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ ነው፤ «የካሬ ስህተት» ይሁን። ሁለቱም የሚነገሩት በኮንቴይነር ነው። የዘጠኙ ወራት ውጤት ይኸው፦

| ዘዴ | ተራ ስህተት | የካሬ ስህተት |
|---|---|---|
| እንዳለፈው ወር | 28.9 | 38.9 |
| የሦስት ወር አማካይ | 28.5 | 44.5 |
| አልፋ 0.3 | 37.3 | 50.0 |
| አልፋ 0.6 | 27.4 | 40.0 |

በተራው ስህተት አልፋ 0.6 አንደኛ ነው፣ የሦስት ወር አማካይ ሁለተኛ፣ ስንፍናው ሦስተኛ። በካሬው ስህተት ግን ስንፍናው አንደኛ ወጣ፤ የሦስት ወር አማካይ ወደ ሦስተኛ ወረደ። መረጃው አንድ፣ ትንበያዎቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው መለኪያው ብቻ ነው።

ምክንያቱ የካቲት ላይ ነው። በጥር ሁሉም በመቶ ገደማ ሳቱ፤ አዲስ ደንበኛ እንደሚመጣ ያለፈው መዝገብ ሊናገር አይችልምና። በየካቲት ግን አማካዩ በ83 ሲስት፣ «እንዳለፈው ወር» ያለው በ20 ብቻ ሳተ። የካሬው መለኪያ ትልቅን ስህተት አብዝቶ ይቀጣል፤ የ80 ስህተት የ20 ስህተትን አራት ጊዜ ሳይሆን ዐሥራ ስድስት ጊዜ ይመዝናል። ስንፍናው ደግሞ በሌሎቹ ወራት በትንሽ በትንሹ ሲስት ስለሚውል በተራው መለኪያ ይሸነፋል።

የትኛውን እንመን? ይህ የሒሳብ ጥያቄ አይደለም፣ የገንዘብ ነው። ሃያ ኮንቴይነር ሲጎድል የስምሪት ኃላፊው ስልክ ደውሎ ዐሥር መኪና ከገበያ ያገኛል፤ ትንሽ ተወዶበት ያልፋል። ሰማንያ ሲጎድል ግን አርባ መኪና በአንድ ጊዜ አይገኝም፤ ኮንቴይነሩ ያድራል፣ ቅጣቱ ይደራረባል። ጉዳቱ ከስህተቱ በላይ እየፈጠነ የሚያድግ ከሆነ የካሬው መለኪያ ወደ እውነቱ ይቀርባል። መኪናዎቹ የራሱ ሆነው እያንዳንዱ ጎደሎ ኮንቴይነር እኩል የሚያስከፍለው ድርጅት ግን ተራውን ቢይዝ ይሻለዋል። ብዙ ሪፖርቶች የሚወዱት በመቶኛ የሚነገር ስህተት ሌላ ጉድ አለው፦ ወሩ አነስተኛ ከሆነ ይጋነናል። በወር 20 ኮንቴይነር ያለው ደንበኛ አንድ ወር 10 ቢያመጣና 20 ብለን ብንተነብይ ስህተቱ መቶ በመቶ ይባላል፤ ያለ ሥራ የቆመው ግን አምስት መኪና ብቻ ነው።

ከመጠኑ ሌላ አቅጣጫውም ይታይ። አልፋ 0.3 ከጥር እስከ ሰኔ ስድስቱንም ወር ያነሰ ነው የተነበየው፤ አንድም ጊዜ አልበለጠም። ጤነኛ ትንበያ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። የተለመደው ፍተሻ ስህተቶቹን ከነምልክታቸው ደምሮ ለተራው ስህተት ማካፈል ነው፤ ውጤቱ ከ4 በላይ ከወጣ ትንበያው ወደ አንድ ወገን አጋድሏል ይባላል። የ0.3 ድምር 309 ነው፤ ለ37.3 ሲካፈል 8.3 ይሆናል። ደወሉ ሰኔን አይጠብቅም ነበር፤ በየወሩ የሚያሰላው ሰው ቀድሞ ይሰማዋል።

እዚህ ላይ «እንግዲህ 0.6 ይሻላል» ብሎ መዝጋት ያምራል፤ ግን አይቻልም። ከጥር በፊት ያሉትን ሦስት ወራት ብቻ ብንወስድ ተራው ስህተት በ0.3 ወደ 8፣ በሦስት ወር አማካይ 10፣ በ0.6 ወደ 12፣ በስንፍናው 20 ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ጭነቱ በረጋበት ጊዜ ያለፈውን ወር አብዝቶ ማመን ትርጉም የሌለውን ከፍታና ዝቅታ ተከትሎ መሮጥ ነው። 0.6ን ያስመረጠን አንዱ የጥር ክስተት ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር በሚመጣው ዓመት ባይደገም የመረጥነው አልፋ ያለ ሥራ ያወራጨናል። ስለዚህ አልፋ በአንደኛው ዓመት መረጃ ይመረጥና ባልታየው በሁለተኛው ዓመት ይፈተን። በ1982 ስፒሮስ ማክሪዳኪስና ባልደረቦቹ 1001 የተለያዩ መዝገቦችን ይዘው ዘዴዎችን ሲያወዳድሩ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የየመዝገቡን የመጨረሻ ቁጥሮች ደብቀው ትንበያ አሠሩ። የተራቀቁት ዘዴዎች ከቀላሎቹ እንደማይበልጡ፣ ማንም ዘዴ በሁሉም መለኪያ እንደማያሸንፍ ታየ።

እስካሁን ቁጥሮቹን እንደ እውነት ተቀብለናል። የኢትዮጵያ ወርሃዊ ጭነት መዝገብ ግን ከሒሳቡ በፊት የሚጸዳ ነገር አለው፤ አንዱ ጳጉሜን ነው። ዐሥራ ሦስተኛው ወር አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነ ለብቻው ከገባ ገደል ይመስላል፤ ከነሐሴ ጋር ከተደመረ ደግሞ የነሐሴን ወር 35 ወይም 36 ቀን ያደርገዋል። በቀን 14 ኮንቴይነር የሚያስገባ ድርጅት በ30 ቀን 420፣ በ35 ቀን 490 ያስመዘግባል። ሰባ ኮንቴይነር ከካላንደር ብቻ ተወለደ፤ አልፋ 0.6 ይህን አምኖ የመስከረምን ትንበያ በ42 ከፍ ያደርገዋል። መፍትሔው ሁሉንም ወደ ቀን አማካይ መልሶ በ30 ማባዛት ነው፤ የምሳሌያችን ቁጥሮችም እንዲህ የተስተካከሉ ናቸው። የመርከብ ድርጅቶች ሰነድ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የበጀት ሪፖርቱ በእኛ ስለሚሠራ ሁለቱን ቀላቅሎ ያስገባ መዝገብም ያጋጥማል።

ከዚህ የከፋው ስውር ችግር መዝገቡ የሚይዘው የተጫነውን እንጂ ሊጫን የሚገባውን አለመሆኑ ነው። በአንድ ወር መኪና ጠፍቶ 500 ሊጫን የሚገባው 380 ብቻ ቢጫን፣ መዝገቡ 380 ይላል። ትንበያው ፍላጎት የቀነሰ መስሎት ለሚመጣው ወር ጥቂት መኪና ያስይዛል፤ ጥቂት መኪና ስለተያዘ ጥቂት ይጫናል፤ ትንበያው «ልክ» ይሆናል። የስህተት ሠንጠረዡ እያማረ ሳለ ጅቡቲ ላይ ኮንቴይነር ይከመራል። ይህን የሚይዘው ከሠንጠረዡ ጎን በወሩ መጨረሻ ሳይነሳ የቀረውን ኮንቴይነር መመዝገብ ነው፤ ያ ቁጥር ወር በወር እያደገ ከሄደ የትንበያው ስህተት ማነስ ምንም አይናገርም። ትንበያውም መሠራት ያለበት በተጫነው ሳይሆን ጅቡቲ በደረሰው ኮንቴይነር ላይ ነው።

የወቅቱ ነገር ይቀራል። እስካሁን ያየናቸው ሁለቱም ዘዴዎች ስለ ወቅት አያውቁም፤ ለሚመጣው ወርም ለስድስት ወር በኋላም የሚሉት ያንኑ ቁጥር ነው። የእኛ መንገድ ትልቁ ወቅታዊ ጭነት ደግሞ ማዳበሪያ ነው። ለመኸር እርሻ እንዲደርስ ከክረምቱ በፊት ባሉት ወራት በጅቡቲ በኩል በብዛት ይገባል፤ ወደቡ ላይ በከረጢት ተሞልቶ በ400 ኩንታል ገደማ በአንድ መኪና ይጫናል፤ ከባድ መኪኖችም ወደዚያ ይመደባሉ። የሆልትና የዊንተርስ ዘዴ እንዲህ ያለውን ወቅት ሊማር ይችላል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ወር የራሱን ድርሻ ስለሚያሰላ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዓመት መዝገብ ይፈልጋል፤ የማዳበሪያው መርከብ አንድ ዓመት የካቲት፣ ሌላ ዓመት ሚያዝያ ላይ ከመጣ ደግሞ የተማረው ወቅት ራሱ ያሳስተዋል።

እኔ ብሆን ማዳበሪያውን ለትንበያ አልሰጠውም። የግዢ ውሉና የመርከቡ መድረሻ ቀን ከሳምንታት በፊት የሚታወቅ ጭነት ነው፤ ከመዝገቡ ወጥቶ በመርከብ ፕሮግራሙ ለብቻው ይታቀዳል። የሚለካውም በኩንታል ስለሆነ ከኮንቴይነር ጋር መደመሩ ከመጀመሪያው ስህተት ነው። የሚቀረው የዕለት ተዕለት ኮንቴይነር ብቻ በአልፋ ይሠራ። የማዳበሪያው መርከብ በሚደርስበት ወር ደግሞ ለቀረው ኮንቴይነር ከገበያ የሚገኘው መኪና ከወትሮው ስለሚያንስ፣ በትንበያው ላይ የካሬውን ስህተት ያህል፣ በምሳሌያችን አርባ ኮንቴይነር ማለትም ሃያ መኪና፣ ቀደም ብሎ ማስያዝ ነው።